አራት ምርጫ፣ ሁለት ተፎካካሪ፦ የወንጀል ሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ቃላት መለማመጃ

ለሕግ ፈተና የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። አራት ምርጫ ይቀርባል። ሁለቱ በመጀመሪያው ንባብ ይወድቃሉ። የቀሩት ሁለቱ ግን ሁለቱም እውነት ይመስላሉ። ብዙ ነጥብ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ መለማመጃ የምናወዳድረው እነዚያን ሁለት የቀሩ ምርጫዎች ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ጥያቄ ውስጥ አሳሳቹ ምርጫ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ሕጉ ውስጥ ያለ ትክክለኛ ቃል ነው፤ ነገር ግን የሌላ ደረጃ ቃል ነው። የፖሊስ ጣቢያው ቃል ችሎት ላይ ይመጣል፣ የችሎቱ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ሲፋጠጡባችሁ "ይህ የሚሆነው መቼ ነው? በማን ፊት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይወድቃል።

ጥያቄዎቹ የተሠሩት በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና በሕገ መንግሥቱ ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ታሪክ ዙሪያ ይሄዳሉ። ታሪኩ ለልምምድ የተፈጠረ ነው።

ታሪኩ

ድሬዳዋ፣ ቀፊራ ገበያ፣ ሰኞ ጠዋት። አንዲት የቅመም ነጋዴ ስልካቸውን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጠው በርበሬ ሊያወጡ ዞር አሉ። ሲመለሱ ስልኩ የለም። አንድ ወጣት ከመደብራቸው እየሮጠ ሲርቅ ጀርባውን አዩ። "ሌባ! ሌባ!" ብለው ጮኹ። ገበያተኛው ተከተለው። ልጁ ወደ ደቻቱ አቅጣጫ ሮጦ አንድ የቆመ ባጃጅ አጠገብ ጎንበስ ሲል የባጃጁ ሹፌር አየው። ከዚያ ወንዙ አሸዋ ላይ ተያዘ። በስፍራው የነበረ ፖሊስ እዚያው በ4 ሰዓት ከ30 ተረከበው። ጣቢያ ደርሶ የተመዘገበው ግን ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ሲፈተሽ ስልኩ አልተገኘበትም። በኋላ ሹፌሩ ከመቀመጫው ሥር አገኘውና ለፖሊስ አስረከበ።

ጥያቄ 1። ገበያተኛው ልጁን ያሳደደበትና የያዘበት ሁኔታ በሕጉ ምን ይባላል?

ሀ) እጅ ከፍንጅ ወንጀል
ለ) እንደ እጅ ከፍንጅ የሚቆጠር ወንጀል
ሐ) በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስስ ወንጀል
መ) ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ማንም ሊይዝበት የማይችል ወንጀል

ሐ ቶሎ ይወድቃል። ተራ ስርቆት የተበዳዩን የግል አቤቱታ የሚጠብቅ ወንጀል አይደለም። መ ደግሞ ገበያ ውስጥ ለኖረ ሰው ራሱ ያስቃል።

ትግሉ በሀ እና በለ መካከል ነው። አንቀጽ 19 እጅ ከፍንጅ የሚለው ሰውየው ወንጀሉን ሲፈጽም፣ ለመፈጸም ሲሞክር ወይም ገና እንደፈጸመ ሲገኝ ነው። ነጋዴዋ ዞር ሳይሉ የልጁን እጅ ስልኩ ላይ ቢይዙት ኖሮ መልሱ ሀ ይሆን ነበር። በታሪካችን ግን ልጁ አምልጧል። ሕዝብ አሳዶታል፣ ጩኸትም ተሰምቷል። ይህ አንቀጽ 20 ነው። መልሱ ለ።

"ልዩነቱ ምን ያደርጋል? ሁለቱም ያው መያዝ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። በመያዝ በኩል እውነቱን ነው። አንቀጽ 50 በሁለቱም ሁኔታ ፖሊስም ሆነ ማንኛውም ሰው ያለ ማዘዣ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ወንጀሉ ቢያንስ ሦስት ወር ቀላል እሥራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። ስርቆት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ስለሚደርስ ይህ አያስቸግርም።

ልዩነቱ የሚጠቅመው አንቀጽ 21 ሲመጣ ነው። እዚያ ላይ የተጻፈው ሌላ ሁኔታ ነው። ወንጀል ወደተፈጸመበት ቦታ ፖሊስ ወዲያው ሲጠራ፣ ወይም ከዚያ ቦታ የድረሱልኝ ጩኸት ሲሰማ የሚታይ ነው። አንቀጽ 50 ግን የሚጠቅሰው 19ን እና 20ን ብቻ ነው። ጠያቂው ታሪኩን ትንሽ ቀይሮ ማንም አላሳደደም፣ ፖሊስ ብቻ ተጠርቶ መጣ ቢላችሁ፣ "ማንኛውም ሰው ሊይዘው ይችላል" የሚለውን ምርጫ ሳታመነቱ ዝለሉት።

ጥያቄ 2። ልጁ ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት እስከ መቼ ነው?

ሀ) እስከ ማክሰኞ 4 ሰዓት ከ30
ለ) እስከ ረቡዕ 4 ሰዓት ከ30
ሐ) እስከ ረቡዕ ሰባት ሰዓት
መ) ምርመራው እስኪያልቅ

መልሱ ለ ነው። 48 ሰዓት የሚለውን ሁሉም ያውቃል፤ የሚሳሳቱት መነሻው ላይ ነው። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከተያዘበት ጊዜ ነው። ጣቢያው መዝገብ ላይ ስሙ ከሰፈረበት አይደለም። ሐ የተቀመጠው ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገውን ተገቢ የጉዞ ጊዜ ከ48 ሰዓቱ ውጭ ያደርጋል። ከደቻቱ ችሎት ድረስ ግን በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? አቦ፣ ይህን ምክንያት ድሬዳዋ ከተማ መሃል የሚቀበል ዳኛ አይኖርም።

ጥያቄ 3። መርማሪው ምርመራ አልጨረስኩም ብሎ ተጨማሪ ጊዜ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ በጊዜ ቀጠሮ ሊፈቅድ የሚችለው ምን ያህል ነው?

ሀ) በጠቅላላው 14 ቀን
ለ) በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ
ሐ) በአንድ ጊዜ ከ15 ቀን ያልበለጠ
መ) ፖሊስ የጠየቀውን ያህል

መልሱ ለ፣ አንቀጽ 59 ነው። ሐ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። 15 ቀን ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገቡ ከደረሰው በኋላ ክስ የሚያዘጋጅበት ጊዜ ነው። በ14 እና በ15 መካከል አንድ ቀን ብቻ ስላለ ቁጥሩን ብቻ ያጠና ሰው ይወድቃል። 14ቱ የፖሊስ ነው፣ 15ቱ የዐቃቤ ሕግ።

ሀን የሚመርጡም አሉ። አንቀጽ 59 ግን "በአንድ ጊዜ" ይላል እንጂ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ አልወሰነም። የቀጠሮ ቀን ሲደርስ መርማሪው ባለፉት ቀናት ምን እንደሠራና ምን እንደቀረው ያስረዳል፤ ዳኛውም ያንን መዝኖ ይወስናል።

እዚህ ላይ ጊዜ ቀጠሮንና የዋስትና መከልከልን አታደባልቁ። ጊዜ ቀጠሮ ለምርመራ የሚሰጥ ጊዜ ነው። ዋስትና የሚከለከለው በሌላ ምክንያት ነው። ሰውየው የዋስትናውን ግዴታ አያከብርም ተብሎ ሲገመት፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ሲታመን ወይም ምስክር ያባብላል፣ ማስረጃ ያጠፋል ተብሎ ሲሰጋ ነው። ይህ አንቀጽ 67 ነው።

ጥያቄ 4። ልጁ ጣቢያ ውስጥ ለመርማሪው "አዎ፣ ስልኩን ወስጃለሁ" ብሎ ፈረመ። የትኛው ትክክል ነው?

ሀ) አምኗልና ዐቃቤ ሕግ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም
ለ) ለፖሊስ የተሰጠ ቃል ነው፤ መብቱ ተነግሮት በፈቃዱ ሰጥቶት ከሆነ በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል
ሐ) ፖሊስ ፊት የተሰጠ ቃል በምንም ሁኔታ ማስረጃ አይሆንም
መ) በአንቀጽ 35 የተመዘገበ የእምነት ቃል ነው

ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

በወንጀል ጉዳይ አንድ ሰው "አመነ" የሚባልባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ፖሊስ ጣቢያ ነው፣ አንቀጽ 27። መርማሪው ይጠይቃል፣ ተጠርጣሪው ይመልሳል፣ ይጻፋል። ከዚያ በፊት ግን መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ፣ አለመመለስ መብቱ እንደሆነና የሚናገረው በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል። ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በደንብ የማይረዳ ከሆነም አስተርጓሚ ይሰጠዋል። ይህ ለድሬዳዋና ለሐረር ልጅ የወረቀት ላይ ነጥብ አይደለም። ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ አፉን የፈታ ሰው የሰጠው ቃል በአማርኛ ተጽፎ ቢቀርብ ጠበቃው በመጀመሪያ የሚጠይቀው "ማን ተረጎመ?" ብሎ ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ 35 ነው። እዚህ ቃሉን የሚመዘግበው ፍርድ ቤት ነው፣ ክሱ መሰማት ከመጀመሩ በፊት። ዳኛው በመጀመሪያ ተጠርጣሪውን ጠይቆ ቃሉን በፈቃዱ የሚሰጥ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ይህንንም መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ከዚያ ቃሉ በሙሉ ተጽፎ ይነበብለታል፣ ይፈርምበታል፣ ዳኛውም ይፈርማል። ጠንካራ የሚያደርገው ይህ ሁሉ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ያመነን ሰው ወደ ችሎት ወስዶ እንደገና ማስመዝገብ የተለመደውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ክሱ ተነቦ "ጥፋተኛ ነህ ወይስ አይደለህም?" ሲባል የሚሰጠው መልስ ነው፣ አንቀጽ 134። ተከሳሹ የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች ያለ ምንም ማመንታት በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ያም ሆኖ ፍርድ ቤቱ ከፈለገ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ እንዲያሰማ ማዘዝ ይችላል።

አሁን ምርጫዎቹን ተመልከቱ። ሀ ሦስተኛውን ቦታ ወስዶ ጣቢያ ውስጥ አስቀመጠው። መ ሁለተኛውን ወስዶ እንደዚያው አደረገ። ሐ ደግሞ ከሌላ አገር ፊልም የመጣ ይመስላል። አንቀጽ 27 ራሱ ቃሉ በማስረጃነት ሊቀርብ እንደሚችል ይናገራልና። ሐ እውነት የሚሆነው ቃሉ በግዳጅ የተገኘ እንደሆነ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ጥያቄው ውስጥ ስለ ግዳጅ የተባለ ነገር የለም። መልሱ ለ።

ልብ በሉ፣ "ፈረመ" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። በሦስቱም ቦታ መፈረም ሊኖር ይችላል። የሚለየው የተፈረመው በማን ፊት እንደሆነ ነው።

ጥያቄ 5። የባጃጁ ሹፌር ችሎት ላይ "ልጁ ባጃጄ አጠገብ ጎንበስ ሲል አየሁ፤ ስልክ ይዞ ግን አላየሁም፤ በኋላ ስልኩን ከመቀመጫው ሥር አገኘሁት" አለ። ልጁ ስልኩን መውሰዱን ለማስረዳት ይህ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?

ሀ) ቀጥተኛ ማስረጃ
ለ) አካባቢያዊ ማስረጃ
ሐ) የስሚ ስሚ ማስረጃ
መ) ኤግዚቢት

ኤግዚቢቱ ስልኩ ራሱ ነው፣ የሹፌሩ ቃል አይደለም። መ ይወድቃል።

ብዙዎች ሀን የሚመርጡት "በዓይኑ አይቷል" ብለው ነው። በእርግጥ አይቷል። ያየው ግን ጎንበስ ማለቱን ነው፤ ስልክ ከመደብር ማንሳቱን አይደለም። ዳኛው ከጎንበስ ማለቱና ከስልኩ መገኘት ተነሥቶ ወደ መውሰዱ የሚሻገረው በመገመት ነው። ማስረጃው ፍሬ ነገሩን በቀጥታ ሳይሆን በዙሪያው ባሉ ነገሮች በኩል ሲያሳይ አካባቢያዊ ነው። መልሱ ለ።

ሐ ከለ ጋር የሚምታታው ሁለቱም "ደካማ" ስለሚመስሉ ነው። የሚመልሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው። ቀጥተኛና አካባቢያዊ የሚለው ክፍፍል የሚጠይቀው ማስረጃው ከሚረጋገጠው ነገር ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ነው። ስሚ ስሚ የሚለው ደግሞ ምስክሩ ዕውቀቱን ከየት እንዳገኘ ነው። ሻይ የምትሸጠው ሴት መጥታ "ስልኩን ሲያነሳ አየሁ ብሎ አንድ ሰው ነግሮኛል" ብትል የስሚ ስሚ ነው። ሹፌሩ ግን የተናገረው ሁሉ ራሱ ያየውንና ያገኘውን ነው።

ለሻይ ሻጯ ቃል "በሕጋችን የስሚ ስሚ ሙሉ በሙሉ የተከለከለ ነው" የሚል ምርጫ ካያችሁ ተጠንቀቁ። አንቀጽ 137 በዋና ጥያቄ ላይ ምስክሩ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሚያውቀውን መጠየቅ ይፈቅዳል። "በተዘዋዋሪ" የምትለዋ ቃል በር ከፍታለች። ስለዚህ ጭቅጭቁ የሚሆነው በአብዛኛው ቃሉ ምን ያህል ይመዝናል በሚለው ላይ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ፣ የባጃጁ ሹፌር ያለ ሻይ ሻጯ ይበቃል፤ ሻይ ሻጯ ግን ያለ ሹፌሩ አትበቃም።

ጥያቄ 6። ዐቃቤ ሕግ የራሱን ምስክር "ይህ ልጅ ስልኩን ባጃጅህ ውስጥ ወርውሯል፣ አይደል?" ብሎ ጠየቀ። የተከሳሽ ጠበቃ ተቃወመ። ለምን?

ሀ) መሪ ጥያቄ በዋና ጥያቄ ላይ ስለማይፈቀድ
ለ) መሪ ጥያቄ በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ስለማይፈቀድ
ሐ) መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቀው ዳኛ ብቻ ስለሆነ
መ) ምስክሩ የዓይን ምስክር ስላልሆነ

ሀ ነው። መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ መሪ ጥያቄ ይባላል። የራስን ምስክር እንዲህ መጠየቅ አይቻልም። ጠበቃው በመስቀለኛ ጥያቄ ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ቢጠቀም ግን ችግር የለውም። ለ ሕጉን ገልብጦ የጻፈ ምርጫ ነው፤ በጥድፊያ የሚያነብ ሰው ይወስደዋል።

ጥያቄ 7። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው አለቁ። ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን መርምሮ፣ ተከሳሹ ባያስተባብለው ጥፋተኛ ለማለት ይበቃል ብሎ አመነ። አሁን የሚሰጠው ምንድን ነው?

ሀ) የጥፋተኝነት ፍርድ
ለ) ተከሳሹ እንዲከላከል የሚያዝ ብይን
ሐ) ተከሳሹን በነፃ የሚያሰናብት ትእዛዝ
መ) የቅጣት ውሳኔ

ከተፋላሚዎቹ አንዱ ሀ ነው። ማስረጃው ለጥፋተኝነት ይበቃል ተብሎ የለ? ተብሏል፤ ግን "ባያስተባብለው" የሚል ቃል ተጨምሮበታል። ይህ የመጀመሪያው ሚዛን ነው። የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ካልበቃ ተከሳሹ አንድም ምስክር ሳይጠራ በአንቀጽ 141 በነፃ ይሰናበታል። ከበቃ በአንቀጽ 142 እንዲከላከል ይታዘዛል። መልሱ ለ።

ሁለተኛው ሚዛን የሚመጣው የመከላከያ ማስረጃ ከተሰማ በኋላ ነው። ያኔ የሁለቱም ወገን ማስረጃ አንድ ላይ ይመዘናል፤ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚለው ፍርድም በአንቀጽ 149 ይሰጣል። ቅጣት ከዚያም በኋላ ነው። ጥፋተኛ ከተባለ ዐቃቤ ሕግ የቅጣት ማክበጃ፣ ተከሳሹ ደግሞ የቅጣት ማቅለያ አስተያየት ያቀርባሉ።

በታሪካችን እንየው። ነጋዴዋ ጀርባ ብቻ ነው ያዩት። ያሳደዱት ሰዎች ከመደብሩ እስከ አሸዋው ድረስ ከዓይናቸው አልጠፋም ካሉ፣ ሹፌሩ ጎንበስ ሲል አየሁ ካለና ስልኩ እዚያው ከተገኘ፣ ሰንሰለቱ ይያያዛል። ተከላከል ይባላል። አሳዳጆቹ "መሃል ላይ ገበያው ውስጥ ጠፋብን፣ በኋላ እሱን የሚመስል አየን" ካሉ ግን ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ያኔ ልጁ መከላከያ ሳያቀርብ በአንቀጽ 141 ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነውና "ታዲያ ማን ወሰደው?" ተብሎ አይጠየቅም።

ሁለቱም ቦታ ላይ "ነፃ" የሚል ቃል ስለሚመጣ ጥያቄው ውስጥ መከላከያ ተሰምቷል ወይስ አልተሰማም የሚለውን ፈልጉ። ካልተሰማ 141፣ ከተሰማ 149።

ጥያቄ 8። ልጁ ጥፋተኛ ተባለ፣ ተፈረደበትም። ይግባኝ ማለት ይፈልጋል። የትኛው ትክክል ነው?

ሀ) የይግባኝ ማመልከቻውን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት
ለ) ይግባኝ የሚል መሆኑን ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን፣ ማመልከቻውን ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ያቀርባል
ሐ) በ48 ሰዓት ውስጥ
መ) በማንኛውም ጊዜ

ለ ነው፣ አንቀጽ 187። ሀ ሁለቱን እርምጃ አንድ አድርጎታል። 30ው ቀን የሚቆጠረው ፍርዱ ከተነበበበት ቀን እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ ግልባጩ ከደረሰበት ቀን ነው። ጉዳዩ ከቀፊራ ይልቅ ሐረር ጀጎል ውስጥ ተፈጽሞ ቢሆን መዝገቡ በሐረሪ ክልል ፍርድ ቤት ይታይ ነበር፤ እነዚህ ቀኖች ግን እዚያም ያው ናቸው።